ሱቃችሁን ከቤት ሆናችሁ ስታዩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ለትንንሽ ሱቆች ኮምፒውተር እገጥማለሁ፣ ሲበላሽም እጠግናለሁ። ባለቤቶቹ ከቤት ሆነው ሱቃቸውን እንዲያዩ መንገዱን የማበጅላቸውም እኔ ነኝ። መንገዱ ቀላል ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ በተለይ አንዱ በጣም ያንገበግበኛል።

እሱም የሽያጭ ድምርን ብቻ አይቶ መተኛት ነው። ባለቤቱ ማታ ጋቢውን ደርቦ በስልኩ የሱቁ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። "የዛሬ ሽያጭ 14,350" የሚለውን ያያል፣ "ተመስገን" ይልና ይዘጋል። ምን አየ ታዲያ? ኮምፒውተሩ የተነገረውን ብቻ ነው የሚያውቀው። መሳቢያው ውስጥ ስንት ብር እንዳለ አያውቅም። ሳይመዘገብ የተሸጠ ዕቃም እሱ ዘንድ የለም። ወር ሙሉ እንዲህ እያዩ ከርመው በወሩ መጨረሻ "ብሩ የት ገባ?" ብለው የሚደውሉልኝ ሰዎች አሉ። በወሩ መጨረሻ ማን ያስታውሰዋል? የዛሬ ጉድለት የሚገኘው ዛሬ ማታ ነው።

አንዲት ደንበኛዬ አራስ ሆና ቤት ስትውል ሱቁን ታናሽ ወንድሟ ያዘ። ያወጣንላት የማታ ሥራ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ወንድሟ መሳቢያውን ይቆጥራል፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክላታል። እሷ ኮምፒውተሩን የምትከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ። ቆጣሪው የሚጠበቀውን ቁጥር አስቀድሞ ካየ፣ ሳያስበውም ቢሆን እዚያ ቁጥር ላይ እስኪደርስ ነው የሚቆጥረው። እኔ ራሴ ሱቅ ስሠራ እንዲህ አድርጌያለሁ፣ ለማታለል አስቤ ሳይሆን ደክሞኝ።

አንድ ምሽት ሒሳቡ እንዲህ ሆነ። ጠዋት መሳቢያው ውስጥ ለመልስ የተተወው 1,000 ብር ነበር። ሽያጩ 14,350 ነው። ከዚያ ውስጥ በቴሌብርና በባንክ ተከፍሏል ተብሎ የተመዘገበው 5,200። ለጫኝና ለመጠቅለያ ከመሳቢያው የወጣው 650። ስለዚህ ከ14,350 ላይ 5,200 ሲቀነስ በእጅ የገባው 9,150 ነው። መነሻውን 1,000 ደምሩ፣ ወጪውን 650 ቀንሱ፣ 9,500 ብር መኖር አለበት። ወንድሟ የላከው ግን 9,320 ነው። 180 ብር ጎደለ።

"እትዬ፣ እኔ አልነካሁም" አለ ልጁ ደንግጦ። እሷም ቶሎ አልፈረደችበትም፣ የሱቁን ስልክ የቴሌብር መልእክቶች አንድ በአንድ እንዲያነብላት አደረገች። የቴሌብሩና የባንኩ ድምር 5,380 መጣ። አንድ ደንበኛ ዘይት ገዝቶ 180 ብር በቴሌብር ከፍሏል፣ ልጁ ደግሞ በችኮላ "በእጅ" የሚለውን ተጭኗል። ጉድለቱ እዚያው ተፈታ። ድምሩን ብቻ አይታ ተኝታ ቢሆን ኖሮ 180 ብሩ በሁለቱ መካከል የጥርጣሬ ዘር ሆኖ ይቀር ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ካሽ ሬጅስተሩንና ኮምፒውተሩን አንድ አድርጎ ማሰብ ነው። አብዛኛው ሱቅ ውስጥ ሁለቱ አይገናኙም። ኮምፒውተሩን ከቤት ስላያችሁ ካሽ ሬጅስተሩን አያችሁ ማለት አይደለም። ስለዚህ ማታ የዜድ ሪፖርቱን ወረቀት በፎቶ አስልኩ። ፎቶው ሲመጣም ድምሩን አይታችሁ አትለፉት፣ የዜዱን ተራ ቁጥር እዩ። ቁጥሩ በእያንዳንዱ ዜድ በአንድ ይጨምራል። ትናንት 412 ከነበረ ዛሬ 413 መሆን አለበት። 414 ካያችሁ እናንተ ያላያችሁት አንድ ዜድ በመሀል ወጥቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ተንኮል የለበትም። ልጁ ቀን ላይ ሽያጩን ለማየት ብሎ ኤክስ መጫን ሲገባው ዜድ ተጭኖ ነው። ኤክስ ያሳያል እንጂ አይዘጋም፣ ዜድ ግን የዕለቱን ድምር ዘግቶ ከዜሮ ያስጀምራል። የመጀመሪያውን ወረቀት ፈልጉና ሁለቱን ደምሩ።

መግቢያውን በተመለከተ እኔ የምገጥመው ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ነፃ ነው፣ የሚያስፈልገው የጉግል አካውንትና ቢያንስ ስድስት አሃዝ ያለው ምስጢር ቁጥር ነው። 123456 አታድርጉት፣ እባካችሁ። አካውንቱም የባለቤቱ ይሁን፣ የገጠመላችሁ ልጅ አይሁን። እኔም ብሆን። ራውተር ላይ ከውጭ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባውን፣ 3389 የሚባለውን በር ልክፈትላችሁ የሚል ባለሙያ ከመጣ አታስከፍቱ፣ ያ በር ከዓለም ዙሪያ ሲንኳኳ የሚያድር ነው። "ከባንክ ነው፣ በስልክዎ ላይ የሚታየውን ኮድ ይንገሩን" ብሎ የሚደውል ሰው ደግሞ ሌባ ነው፣ ዝጉበት።

ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ ማድረግም ይረሳል። ከተኛ ከቤት አትቀሰቅሱትም። ስታርት ላይ `cmd` ጽፋችሁ ክፈቱና ይህን አስገቡ፦

```
powercfg /change standby-timeout-ac 0
powercfg /change hibernate-timeout-ac 0
```

መብራት ጠፍቶ ሲመጣስ? ዴስክቶፕ ከሆነ ባዮስ በሚባለው፣ ዊንዶውስ ሳይነሣ በሚከፈተው ማስተካከያ ውስጥ `Restore on AC Power Loss` ወይም ተቀራራቢ ስም ያለው ምርጫ አለ፣ `Power On` ላይ አድርጉት፣ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሣል። ላፕቶፕ ላይ ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ራውተሩም መብራት እንደሚፈልግ አትርሱ።

አሁን የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። የዚያችው አራስ ሱቅ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበረው። አንድ ቀን ውሎውን መግባት እምቢ አላት፣ ማታ ላይ ገባች፣ የዛሬ ሽያጭ ዜሮ ይላል። ደወለችልኝ። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ልጁ መዝገቡን አጥፍቶ ነው ብዬ ነው፣ እንዲያውም ለእሷ ተናገርኩ። በማግስቱ ሄጄ ሳየው ሽያጩ አንድም ሳይጎድል አለ፣ ግን የተመዘገበው ከብዙ ዓመት በፊት በነበረ ቀን ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል የሳንቲም ባትሪ ሞታለች። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ቀኑን ረሳ። ቀኑ ስለተዛባ ኢንተርኔቱም ድረ ገጾቹን አልከፍት አለ፣ ለዚህ ነው ቀን መግባት ያቃታት። ልጁ ማታ አይቶ ቀኑን አስተካከለው፣ የቀኑ ሽያጭ ግን ወደ ኋላ ተጽፎ ቀረ። ሄጄ ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ስለዚህ ከቤት ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ ከታች በቀኝ ጥግ ያለው ቀን ላይ ይረፍ፣ ከዚያ ወደ ሽያጩ ሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ደንበኛ ቆሞ ሒሳብ ሲሠራለት ከቤት ሆናችሁ ማውዙን አትንኩ። እናንተ ስታንቀሳቅሱት እዚያም ይንቀሳቀሳል። አንድ ባለሱቅ እንዲህ ሲያደርግ ልጁ ግማሽ የተመዘገበ ደረሰኝ ሳያስበው ሰርዟል፣ ማታ ሁለቱም የት እንደጠፋ ሲፈልጉ አመሹ። ሱቁ ተዘግቶ ገንዘቡ ከተቆጠረ በኋላ ግቡ።

ስልካችሁ ከጠፋ ደግሞ ነገ አትበሉ። በሌላ ስልክ የጉግል አካውንታችሁን ክፈቱ፣ የጠፋውን ስልክ ከአካውንቱ አስወጡ፣ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ። ከዚያ ሱቅ ሄዳችሁ ስድስት አሃዙንም ለውጡ።