አንድ ስኒ ቡና እየኮመጠጠም እየመረረም ሲያስቸግረኝ

የዘጌ ቡና ባሕር ዳር ቤቴ ቆልቼ በወንፊት ተጭኖ በሚያጠል ማፍያ፣ በፍሬንች ፕሬስ፣ ሳፈላው በአንድ ስኒ ይኮመጥጣልም፣ ይመራልም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት አቆላሌን ነበር። የተፈጨውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቼ ሳየው ግን ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ክክ ነው። የመፍጫዬ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ስለት ያገኘውን ይቆራርጣል እንጂ እኩል አይፈጭም፤ ዱቄቱ ቶሎ ይመራል፣ ክኩ ደግሞ ጣዕሙን በደንብ ሳይሰጥ ስለሚቀር ይኮመጥጣል።

ስለዚህ ያለኝን ብር መፍጫው ላይ አዋልኩት። በእጅ የሚዞር፣ ቡናውን በሁለት ጥርሳም ብረቶች መሃል የሚፈጭ ገዛሁ። ስትገዙ ዘንጉን ነቅነቅ አድርጉት፣ ከተወዛወዘ ይቅርባችሁ። ማፍያውን አልቀየርኩም፤ በየጊዜው የሚገዛ ማጣሪያ ወረቀት አይፈልግም።

አሁን 15 ግራም ቡና እንደ ሻካራ ጨው ፈጭቼ 250 ግራም ውሃ እጠቀማለሁ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ እስኪበርድ መጠበቅ የለም። አዲስ የተቆላ ቡና ጋዝ ስላለበት በትንሽ ውሃ አርሼው 30 ሰከንድ እተወዋለሁ፣ ከዚያ ቀሪውን ጨምሬ 4 ደቂቃ። በተቆላበት ቀን አረፋው ያስቸግራል፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ይሻለዋል። ከኮመጠጠ ትንሽ አድቅቄ እፈጨዋለሁ፣ ከመረረ አሻክሬ።