ሻወሩ ሲነዝር፦ የቦይለር መስመር ከቦርዱ ጀምሮ እንዴት ይስተካከላል?

አራት ኪሎ ያለው የአክስቴ ቤት አሮጌ ነው። ሻወር ልገባ ስል «ልጄ፣ ነጠላ ጫማ አድርግ፤ ቧንቧው ይነዝራል» አለችኝ። እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረችኝ። ጫማው ከወለሉ ይለያችሁ ይሆናል፤ አንድ እጃችሁ ቧንቧውን፣ ሌላው እርጥብ ግድግዳውን ከነካ ግን ምንም አያደርግላችሁም።

እንዲህ የሚነዝር ቦይለር ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ቦርዱ ላይ ያለውን ብሬከር አጥፉ። የቦይለሩን ማብሪያ ማጥፊያ አትመኑት። አንድ ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነና የቆረጠው መላሹን ሽቦ፣ ኒውትራሉን ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ አምጪው ፌዝ ቦይለሩ ውስጥ እንዳለ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። እናንተ ግን ምን እንደሚሠራ አውቃችሁ አጠገቡ ቁሙ።

ቀጥሎ የሚያፈተልከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ ኤርዙ ይፈተሻል። ባለሙያው መብራቱን ለአፍታ መልሶ በመልቲሜትር ፌዙንና ኤርዙን ይለካል፤ 220 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። አክስቴ ቤት ይህን አላሳየም። ምክንያቱ ወዲያው ተገኘ። የድሮ ሠራተኛ ኤርዙን ያሰረው በብረት የውሃ ቧንቧ ላይ ነበር፤ ቧንቧው በፕላስቲክ ሲቀየር ኤርዙም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከቦይለሩ የሚያፈተልከው ኤሌክትሪክ በውሃው በኩል እስከ ቧንቧው መክፈቻ ይመጣ ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፦ መልቲሜትሩ 220 ቢያሳይም ሶኬቱ ተከፍቶ ይታይ። አንዳንዱ ኤርዙን በአጭር ሽቦ ከኒውትራሉ ጋር ያገናኘዋል። መልቲሜትሩ ደህና ነው ይላል፤ ኒውትራሉ የሆነ ቦታ የተበጠሰ ዕለት ግን የቦይለሩ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል።

እኛ ግቢው ውስጥ 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ አስቀበርንና ከእሱ እስከ ቦርዱ አዲስ የኤርዝ ሽቦ አስዘረጋን።

አሁን ሊኬጅ ብሬከሩ ይገባል፤ አርሲዲም ይሉታል። ሥራው ቀላል ነው፦ በፌዝ የሄደው በኒውትራል መመለሱን ይቆጣጠራል። ከጎደለ፣ የጎደለው በሰው ወይም በኤርዝ በኩል ወጥቷል ማለት ነውና ይቆርጣል። ለሻወር ቤት የሚሆነው የ30 ሚሊአምፔር ነው፤ ላዩ ላይ 0.03A ተብሎ ይጻፋል። ሱቅ ውስጥ 0.3A ከሰጧችሁ መልሱ፤ እሱ የሚነቃው የሰውን ሕይወት ለማዳን እጅግ የበዛ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ብቻ ነው። ኤርዝ ባይኖርም አርሲዲ ይሠራል፤ ግን የሚቆርጠው ሰው ከነካ በኋላ ነው። ኤርዝ ካለ ገና ማፍሰስ ሲጀምር ይቆርጣል። ደግሞም ተራውን ብሬከር አይተካም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ሽቦው የሚመረጠው በቦይለሩ ኃይል ነው። የአክስቴ 1500 ዋት ነው፤ በ220 ሲካፈል 7 አምፔር ገደማ ይስባል። 2.5 ካሬ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል፤ ግን ከቦርዱ ለብቻው የመጣ መስመር ይሁን፣ ከአምፖል መስመር አይቀጠል። ውሃ እየፈሰሰ የሚያሞቀው 5500 ዋት ሻወር ሌላ ነገር ነው። 25 አምፔር ስለሚስብ 6 ካሬ ሽቦና 32 አምፔር ብሬከር ይፈልጋል።

ሶኬቱስ? ገንዳ ካለ ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር፣ ውሃው ወለል ላይ የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ከሻወሩ ቢያንስ 1.2 ሜትር መራቅ አለበት። የአክስቴ ሻወር ቤት ስፋቱ 1.5 ሜትር ብቻ ስለሆነ ልኬቱን ተውነው። ሶኬቱ ተነቀለ፣ ገመዱ በቀጥታ ከቦይለሩ ጋር ታሰረ፣ ፌዙንም ኒውትራሉንም አንድ ላይ የሚቆርጥ ባለ 20 አምፔር ማብሪያ ከበሩ ውጭ ተተከለ።

ከዚያ አበራነው። አርሲዲው ወዲያው ወደቀ! «አዲሱ ዕቃ ብልሹ ነው» አለች አክስቴ። የቦይለሩ ገመድ ሲፈታ አርሲዲው ሳይወድቅ ቆመ፤ ሲመለስ ወደቀ። ስለዚህ ጥፋቱ የቦይለሩ ነው። ማሞቂያው ወጥቶ ሲታይ ቆዳው ተሰንጥቋል፤ ውሃ ገብቶበታል። እንዲህ ሲሆን አርሲዲውን አልፈው በቀጥታ የሚያገናኙ አሉ፤ በፍጹም እንዳትፈቅዱ። ማሞቂያው ተቀየረ፣ አርሲዲው ላይ ያለውን T የሚል የመፈተሻ ቁልፍ ስንጫን ቆረጠ፣ ሲመለስ ቆመ። T በየወሩ ይጫን፤ መብራት በሌለበት ሰዓት ግን አይሠራም።

ማሞቂያው የተሰነጠቀው በደረቁ ስለበራ ነው። ቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ውሃ እንዳይመለስ የሚይዘው ቫልቭ አልነበረም፤ ውሃ በጠፋ ቁጥር ቦይለሩ ወደ ኋላ ይፈስና ይራቆታል። ቫልቩን አስገባን። ቢሆንም በፈረቃ ውሃ የምታገኙ ከሆነ፣ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱ፤ አየር መትፋቱን አቁሞ አንድ ወጥ ሲፈስ ያኔ ማብሪያውን አብሩ።