የቦይለርን የውሃ ማነስ መከላከያ ከመቆጣጠሪያው እንዴት መለየት እንደሚቻል

ስክሪኑ ውሃው 50 በመቶ ላይ ነው ይላል። ሽማግሌው ኦፕሬተር ደግሞ ከቦይለሩ ቤት እየሮጡ መጡ። «ልጄ፣ የውሃ ማያው መስታወት ባዶ ነው! በርነሩን አጥፍቼዋለሁ፣ ውሃ እንዳትለቅ!» አሉኝ። ባዶ በቀረ የጋለ ቦይለር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ምን እንደሚያስከትል ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር።

ይህ የሆነው እዚህ ጎጃም ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ለቁጠባ ብዬ አንዱን የውሃ መጠን ትራንስሚተር ሁለት ሥራ ሰጥቼው ነበር። ውሃውን ይቆጣጠራል፤ ውሃው ከ20 በመቶ ከወረደ ደግሞ በርነሩን ያጠፋል።

ትራንስሚተሩ ውሃውን በዓይኑ አያይም። የሚለካው የሁለት ቀጭን ቱቦዎችን የግፊት ልዩነት ነው። አንደኛው ቱቦ ሁልጊዜ ውሃ ሞልቶ መቆም አለበት። የዚህ ቱቦ ማፍሰሻ ቫልቭ ጠብ ጠብ ሲል ከረመና ቱቦው ጎደለ። እሱ ሲጎድል ትራንስሚተሩ ቦይለሩ ውስጥ ውሃ የበዛ ይመስለዋል። ቦይለሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲው፣ አምኖት የውሃ መግቢያውን አጠበበ። ንባቡ ከፍ ባለ ቁጥር የበለጠ እየዘጋ ስክሪኑን እዛው 50 ላይ አቆየው። እውነተኛው ውሃ ግን እያለቀ ነበር። በርነሩን ያጠፋል ያልኩትም ያንኑ ውሸት እያነበበ ዝም አለ።

ደረጃ 1፦ ሁለቱን ሥራ ለዩ

የዕለት መቆጣጠሪያው እንደ ቀን ሠራተኛ ነው። ሲበላሽ ቶሎ ይታያል፤ ምርት ይቆማል፣ ሰው ይጮሃል። የደህንነት ሥርዓቱ ግን የሌሊት ዘበኛ ነው። ዓመቱን ሙሉ ምንም አይሠራም። ተኝቶ እንደሆነ የሚታወቀው ሌባ ሲመጣ ነው።

ስለዚህ ዘበኛው የራሱ ዓይን፣ የራሱ አእምሮና የራሱ እጅ ይኑረው። በእኛ ቦይለር ዓይኑ ለብቻው የገባ የውሃ መጠን ኤሌክትሮድ ሆነ። አእምሮው ከፒኤልሲው የተለየ የደህንነት ሪሌይ ነው። እጁ ደግሞ ነዳጁን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ቫልቭ ነው። የእሳቱን መጠን የሚያስተካክለው ቫልቭ ይህን ሥራ ደርቦ ይሥራ የሚል ሰው ካለ አትስሙት። አደጋው ራሱ ከዚያ ቫልቭ መጣበቅ ሊመጣ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ምን ያህል ጠንካራ ዘበኛ እንደሚያስፈልግ አስሉ

«ሲል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። «እንዲህ ሲል» የሚለው ሲል አይደለም፤ የደህንነት ሥርዓቱ አደጋን ስንት እጥፍ እንደሚቀንስ የሚገልጽ እርከን ነው። ሲል 1 ከ10 እስከ 100 እጥፍ፣ ሲል 2 ከ100 እስከ 1,000 እጥፍ፣ ሲል 3 ከ1,000 እስከ 10,000 እጥፍ ይቀንሳል። ሲል 4ም አለ። በእኛ ዓይነት ፋብሪካ ሒሳቡ እሱን ካወጣ ግን ዘበኛ ከመቅጠር ቤቱን እንደገና መሥራት ይሻላል።

የእኛን እንዲህ አሰላነው። የውሃ መቆጣጠሪያው በ10 ዓመት አንድ ጊዜ በአደገኛ መንገድ ይበላሻል ብለን ያዝን። ይህ የተለመደ ግምት ነው፤ አይ.ኢ.ሲ. 61511 የተባለው የፕሮሰስ ፋብሪካዎች መስፈርትም ተራ መቆጣጠሪያ ከዚያ የተሻለ ነው ብላችሁ እንድትመኩ አይፈቅድም። ቦይለሩ አጠገብ ሰው የሚገኘው ግማሹን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰው ባለበት አደጋ የሚደርሰው በ20 ዓመት አንድ ጊዜ ይሆናል። ፋብሪካው ደግሞ በ10,000 ዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አልቀበልም አለ። 10,000ን ለ20 ስናካፍል 500 እጥፍ ይወጣል። ሲል 2 ማለት ነው።

በስብሰባው ላይ አንዱ «አላርሙስ? የእንፋሎት ሴፍቲ ቫልቩስ?» ብሎ ነበር። አላርሙ የሚነሳው ከዚያው ከዋሸው ትራንስሚተር ስለሆነ አይቆጠርም። ሴፍቲ ቫልቩ ግፊት ሲበዛ ያስተነፍሳል እንጂ ውሃ ሲያልቅ ምንም አያደርግም።

ደረጃ 3 እና 4፦ ዕቃውን ግዙ፣ ከዚያ ሒሳቡን ፈትሹ

ዕቃ መግዛቱ ቀላሉ ነው። ሻጩ «ይሄ ሲል 2 ነው» ብሎ ሰርተፊኬት ሲያሳያችሁ ግን እንዳትሸወዱ። ሲል የአንድ ዕቃ አይደለም። ከኤሌክትሮዱ እስከ ነዳጅ ቫልቩ ያለው ሰንሰለት ሁሉ ነው። እኔ ሰርተፊኬቱን ፋይል ውስጥ ከትቼ ሥራው አልቋል ብዬ ነበር።

ለአንድ ነጠላ ዕቃ ቀለል ያለችው ሒሳብ ይህች ናት፦

```
PFD = λ × T / 2
```

λ ዕቃው ሳይታወቅ በዓመት የሚበላሽበት መጠን ነው። T በፍተሻና በፍተሻ መካከል ያለው ጊዜ በዓመት ነው። PFD ደግሞ በተፈለገ ሰዓት እምቢ የማለቱ ዕድል ነው። ለምሳሌ ኤሌክትሮዱ 0.01፣ የነዳጅ ቫልቩ 0.02 ይሁን። ለእናንተ ዕቃ ቁጥሩን ከአምራቹ ወይም ከራሳችሁ የጥገና መዝገብ ውሰዱ።

በዓመት አንዴ ብንፈትሽ ኤሌክትሮዱ 0.005፣ ቫልቩ 0.01 ይሆናል። ሪሌዩ ትንሽ ስለሆነ እንተወው። ድምሩ 0.015 ነው። 1ን ለዚህ ስናካፍል 67 እጥፍ ገደማ ብቻ ይወጣል። ሲል 2 ተብሎ የተገዛው ሁሉ ሲል 1 ሆኖ ተገኘ!

ያንኑ ዕቃ በየወሩ ብንፈትሸውስ? ድምሩ ለ12 ይካፈልና 0.00125 ይሆናል። 800 እጥፍ ማለት ነው። 500ውን አለፈ። አንድ ብሎን እንኳ አልቀየርንም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ «ሲል 2 አግኝተናል» ብቻ ብሎ ማቆም አይበቃም። 150 እጥፍም ሲል 2 ነው፤ ለእኛ ግን አይበቃንም ነበር።

ደረጃ 5፦ ዘበኛውን በየወሩ ቀስቅሱት

ስክሪን ላይ የ«ቴስት» ቁልፍ መንካት ፍተሻ አይደለም። ሪሌዩን ብቻ ነው የሚሞክረው። እኛ ዝቅተኛ እሳት ላይ፣ መስታወቱ ላይ ሰው አቁመን ውሃውን ቀስ አድርገን እናወርዳለን። ውሃው ከመስታወቱ ሳይጠፋ በርነሩ መጥፋት አለበት። አልጠፋ ካለ በእጅ እናጠፋዋለን፤ ሳይጠገንም አይነሳም። በሁለተኛው ወር ነበልባሉ ወዲያው አልጠፋም፤ ነዳጁ ትንሽ ከተንጠባጠበ በኋላ ነው የጠፋው። ቫልቩን ስንፈታው የምናነደው ፈርነስ ዘይት መቀመጫው ላይ ደርቆ ተጣብቋል። ስክሪኑ ላይ ግን ቫልቩ «ዝግ» ይል ነበር።

ከፍተሻ በኋላ ሁሉን ወደ ቦታው መመለስ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በታኅሣሥ 2005 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በንስፊልድ በሚባል የነዳጅ ማከማቻ የታንኩ መለኪያ ተጣብቆ ነበር። ለብቻው የተገጠመው የሙላት ማጥፊያ ስዊችም አልሠራም። የስዊቹን የፍተሻ ማንሻ በቦታው የሚይዘው ቁልፍ ስላልተገጠመለት ነው። ቤንዚኑ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ከእሱ የተነሳው የትነት ደመና ፈነዳ፤ ከ40 ሰው በላይ ተጎዳ።

መከላከያውን ለጊዜው ከሥራ የሚያስወጣው ቁልፋችን አሁን በሰንሰለት ከፍተሻ ደብተሩ ጋር ታስሯል። ደብተሩ ላይ ሁለት ሰው ይፈርማል፤ ቁልፉን የመለሰውና መመለሱን ያየው። ሁለተኛው ፊርማ ብዙ ጊዜ የሽማግሌው ነው። እሳቸው ደግሞ መስታወቱን ሳያዩ አይፈርሙም።