የቋሚ ንብረት መዝገባችሁ ከሌጀሩ ጋር አልገጥም ሲል፦ ልዩነቱን አንብቡት

ሰኔ 30 ደርሷል። የቋሚ ንብረት መዝገቡን በኤክሴል ከፍታችኋል፣ ጠቅላላ ሌጀሩንም አውጥታችኋል፣ ሁለቱ ግን አይገጥሙም። ብዙ ሰው እዚህ ጋር የሚሠራው ስህተት መስመር በመስመር ከላይ እስከ ታች መፈተሽ መጀመሩ ነው። ሁለት መቶ ንብረት ካላችሁ ሁለት ቀን ይበላችኋል። እኔ መጀመሪያ የማየው የልዩነቱን ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ራሱ ስህተቱ የት እንዳለ አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል።

በአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ምሳሌ ላሳያችሁ። የበጀት ዓመቷ 2016 ነው፣ ማለትም ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016። ሦስት ነገር ብቻ እንያዝ። አንደኛው በ240,000 ብር የተገዛ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው፣ ሁለተኛው ዋጋቸው 160,000 ብር የሆነ ኮምፒውተሮች፣ ሦስተኛው በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ በ180,000 ብር የተገዛ የወረቀት መቁረጫ።

ችግር፦ ሌጀሩ ከመዝገቡ 54,000 ብር ይበልጣል

ፎቶ ኮፒው ሐምሌ 1 ቀን 2013 ተገዛ። አምስት ዓመት ያገለግላል ተብሎ በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 48,000 ብር የእርጅና ቅናሽ (ዲፕሪሲዬሽን የምንለው) ይያዝበታል፣ በወር 4,000። ታኅሣሥ 30 ቀን 2016 በ90,000 ብር ተሸጠ። ሒሳብ ያዡ ብሩ ባንክ ሲገባ ዴቢት ጥሬ ገንዘብ 90,000፣ ክሬዲት ቋሚ ንብረት 90,000 ብሎ መዘገበና ሥራው አለቀ ብሎ አሰበ። መዝገቡ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ማሽኑን ተሸጧል ብሎ ዜሮ አደረገው።

አሁን ሌጀሩ ውስጥ የቀረውን ተመልከቱ። ከዋጋው 150,000 ብር አልወጣም። እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 የተጠራቀመው የሁለት ዓመት ቅናሽ 96,000 ብርም እዚያው ተቀምጧል። 150,000 ሲቀነስ 96,000፣ 54,000 ይሆናል። ማሽኑ ከግቢው ወጥቷል፣ ሌጀሩ ላይ ግን 54,000 ብር የሚያወጣ የሌለ ማሽን አለ።

መፍትሄው ሁለት እርምጃ ነው፣ ቅደም ተከተሉም አይገለበጥም። መጀመሪያ ማሽኑ እስከተሸጠበት ቀን ያለውን ቅናሽ ያዙ። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ስድስት ወር ስለሆነ 24,000 ብር ነው፣ የተጠራቀመውም 120,000 ይደርሳል። ከዚያ ቀድሞ የተሠራውን የ90,000 መዝገብ በተቃራኒው መልሱና የማስወገዱን መዝገብ በሙሉ ሥሩ፦ ዴቢት ጥሬ ገንዘብ 90,000፣ ዴቢት የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ 120,000፣ ዴቢት በንብረት ሽያጭ ኪሳራ 30,000፣ ክሬዲት ቋሚ ንብረት 240,000። ያ 54,000 ብር ከየት እንደመጣ አሁን ይታያል፦ ያልተያዘ የስድስት ወር ቅናሽ 24,000 እና ያልታየ ኪሳራ 30,000።

እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያጋጥማችሁ በዓመቱ የተሸጡትንና የተጣሉትን ዕቃዎች ብቻ አውጡ። ለእያንዳንዱ ሌጀሩ ላይ ከቀረው ዋጋ የቀረውን የተጠራቀመ ቅናሽ ቀንሱ። አንዱ ከልዩነቱ ጋር ይገጥማል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ የተሸጠን ዕቃ መስመር ከመዝገቡ አትሰርዙ። መስመሩ ሲጠፋ ያለፈው ዓመት መዝጊያም አብሮ ይለወጣል፣ ኦዲተሩ የፈረመበት ቁጥርና የእናንተ መክፈቻ ይለያያሉ። የተወገደበት ቀን፣ የተሸጠበት ዋጋና ትርፍ ወይም ኪሳራ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ጨምሩና መስመሩን እዚያው ተዉት።

ችግር፦ አዲስ የተገዛ ዕቃ የመዝገብ ዋጋው ዜሮ ይላል

ይሄኛው ሰውን ያስደነግጣል። የወረቀት መቁረጫው ግንቦት 1 ቀን 2016 ተገዛ፣ ገና በሁለት ወሩ መዝገቡ ሙሉ በሙሉ አርጅቷል ይላል። ቀመሩን ብታዩት ምንም ችግር የለበትም። ችግሩ ቀኑ ነው።

ሒሳብ ያዡ ቀኑን 1/9/2016 ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፈ። ኤክሴል ግን እንዲህ የተጻፈን ቀን የሚያነበው በፈረንጁ አቆጣጠር ነው። እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 ወይም ጃንዋሪ 9 ቀን 2016 ብሎ ያነበዋል፣ ሁለቱም በፈረንጅ። ትክክለኛው ቀን በፈረንጅ ሜይ 9 ቀን 2024 ነው። ስለዚህ ለኤክሴል መቁረጫው ከሰባት ዓመት በላይ የሠራ አሮጌ ማሽን ነው፣ አምስት ዓመቱንም ጨርሷል። መያዝ የነበረበት ቅናሽ የሁለት ወር 6,000 ብር ሆኖ ሳለ 180,000ውን በሙሉ ያዘ።

ምልክቱን በዓይን መለየት ይቻላል። የቀኑን ዓምድ ሙሉውን ምረጡና ወርዱን አስፉት። አሰላለፉን በእጃችሁ ካልለወጣችሁት፣ ኤክሴል እንደ ቀን የተቀበለው ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ እንደ ጽሑፍ የያዘው ወደ ግራ ይጠጋል። 30/2/2016 ብላችሁ ጥቅምት 30ን ብትጽፉ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ወደ ግራ ይጠጋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ አንዳንዱ ግራ፣ አንዳንዱ ቀኝ ከሆነ የኢትዮጵያ ቀን ሳይገባ አልቀረም። ወደ ቀኝ የተጠጋው ይባስ አደገኛ ነው፣ ስህተቱን ሳይናገር ያሰላልና።

እኔ የምመርጠው መፍትሄ ቀንን ጨርሶ መተው ነው። ዓመቱንና ወሩን በሁለት ዓምድ እንደ ተራ ቁጥር ጻፉ። ወሩ M2 ላይ ካለ፣ በበጀት ዓመቱ ስንተኛ ወር እንደሆነ ይሄ ይነግራችኋል፦

```
=IF(M2=13,2,IF(M2>=11,M2-10,M2+2))
```

ሐምሌ 1 ይሆናል፣ ሰኔ 12። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አብራ 2 ትሆናለች፤ ዓመቱን ለ12 እንጂ ለ13 አናካፍልም። አንድ ዕቃ በተገዛበት ዓመት ስንት ወር እንደሠራ ለማወቅ ይህን ቁጥር ከ13 ቀንሱ። ግንቦት በበጀት ዓመቱ 11ኛ ወር ነው፣ 13 ሲቀነስ 11፣ ሁለት ወር። ይሄ የተገዛበትን ወር እንደ ሙሉ ወር ለሚቆጥር ድርጅት ነው፤ የእናንተ ፖሊሲ ከሚቀጥለው ወር የሚጀምር ከሆነ ከ12 ቀንሱ።

እግረ መንገዴን፣ ለመቁረጫው የሙሉ ዓመት 36,000 ተይዞ ቢሆን ልዩነቱ 30,000 ይሆን ነበር። ልዩነታችሁ ለአንድ ዕቃ የወር ቅናሽ ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ የዓመቱን ግዢዎች ወር ፈትሹ። እዚህ 30,000 ለ3,000 ሲካፈል 10 ይወጣል፤ በትርፍ የተቆጠሩት አሥር ወራት እነዚያ ናቸው።

ችግር፦ ልዩነቱ በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል

አምና 10,000 ነበር፣ ዘንድሮ 27,500 ሆነ። ይሄ የዘዴ ስህተት ነው፣ በተለይ እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ፣ ዲክላይኒንግ ባላንስ በሚሉት።

ኮምፒውተሮቹ በዚህ ዘዴ በ25 በመቶ ይቀነሳሉ። መቶኛው የሚሰላው ዓመቱ ሲጀምር በነበረው የመዝገብ ዋጋ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓመት 40,000፣ የመዝገብ ዋጋው 120,000። ሁለተኛው 30,000፣ ዋጋው 90,000። ሦስተኛው 22,500፣ ዋጋው 67,500። ሒሳብ ያዡ ግን 25 በመቶውን በየዓመቱ ከመጀመሪያው 160,000 ላይ አሰላው፣ በየዓመቱም 40,000 ወጣ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 80,000 ቀረ፣ በሦስተኛው 40,000። ልዩነቱ 10,000፣ ቀጥሎ 27,500 የሆነው ለዚህ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ የሁለት ሙሉ ዓመት ቅናሽ እኩል ከሆነ ስህተት ነው።

ሌላው የዚሁ ዘመድ ቀጥተኛው ዘዴ ከዕድሜው አልፎ መቀነሱን ሲቀጥልና የመዝገብ ዋጋው ከዜሮ በታች ሲወርድ ነው። ሁለቱንም የሚይዙ ቀመሮች እነዚህ ናቸው። C ዋጋ፣ D በመጨረሻ የሚቀረው ዋጋ፣ E ዕድሜ በዓመት፣ F መቶኛ፣ G የዓመቱ መክፈቻ የመዝገብ ዋጋ (በተገዛበት ዓመት ራሱ ዋጋው)፣ H በዓመቱ የሠራባቸው ወራት ነው።

```
=MAX(0,MIN((C2-D2)/E2/12*H2,G2-D2))
=MAX(0,MIN(G2*F2/12*H2,G2-D2))
```

የመጀመሪያው ለቀጥተኛው ነው፣ ሁለተኛው እየቀነሰ ለሚሄደው። ልብ በሉ፣ በሁለተኛው የሚቀረው ዋጋ ከመነሻው አይቀነስም፣ ማቆሚያ ገደብ ብቻ ነው። ገደቡ ዜሮ ከሆነ ይህ ዘዴ በራሱ ዜሮ ላይ አይደርስም፣ ሁልጊዜ ትንሽ ይተርፋል። መቼ ተጠቃሎ እንደሚወጣ ፖሊሲያችሁ ላይ ጻፉት። ለግብር የሚሠራው ሥሌት ደግሞ የራሱ መቶኛ ስላለው የራሱ ዓምዶች ይኑሩት፣ ከዚህ ጋር አይቀላቀል።

ችግር፦ ማንም ሳይነካው የመክፈቻው ቁጥር ተለወጠ

በአጭሩ፣ በአሮጌ ማሽን ላይ የተጨመረ ሞተር ወይም ትልቅ ማሻሻያ ካለ የአሮጌውን ዋጋ ሕዋስ ከፍተው ደምረውበታል። ቀመሩ ያኔ ያለፉትን ዓመታት ሁሉ በአዲሱ ዋጋ ያሰላል። ጭማሪውን በራሱ መስመር፣ በራሱ ወርና በቀረው ዕድሜ መዝግቡ፣ ቁጥሩን ከዋናው ማሽን ጋር አያይዙ፣ ለምሳሌ 014 ከሆነ 014-1። የተዘጋ ዓመት ዓምዶችን ደግሞ ኮፒ አድርጋችሁ እንደ ቁጥር ብቻ መልሳችሁ ለጥፉ፣ ቀመሩ እንዲጠፋ።

ሁሉም ሲስተካከል የማተሚያ ቤቷ ዓመት እንዲህ ይዘጋል። መክፈቻው የፎቶ ኮፒው 144,000 እና የኮምፒውተሮቹ 90,000፣ ድምር 234,000። ግዢ 180,000 ይጨመራል። የዓመቱ ቅናሽ 24,000፣ 22,500 እና 6,000፣ በድምሩ 52,500 ይወጣል። የተሸጠው ፎቶ ኮፒ የመዝገብ ዋጋ 120,000 ይወጣል። የሚቀረው 241,500 ብር ነው። አሁን በእጅ ያለውን ቁጠሩ፦ ኮምፒውተሮች 67,500፣ መቁረጫ 174,000። ድምሩ 241,500። ሐምሌ 1 ጠዋት ሌጀሩ ላይ የሚጠብቃችሁ ቁጥርም ይሄው መሆን አለበት።