የጎደሉት 14 ወንበሮች

ሽምብጥ ሰፈር ባለፈው ተዝካር 300 ወንበር ተከራይተን ስንመልስ 14 ጎደለ። ከፈልን። ኋላ ሲጣራ ማንም አልሰረቀም። ከጎረቤት እድር የተዋስናቸውም ሰማያዊ ስለነበሩ 14ቱ ከነሱ ጋር ተደባልቀው ሄደዋል።

ዘንድሮ ለሰርጉ ወንበሩ ከአይሱዙ ሲወርድ አሥር አሥሩን ደርበን ከአከራዩ ልጅ ጋር ቆጠርን። በየወንበሩ እግር ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፍን። የተሰነጠቀውን ያኔውኑ ጻፍን፤ አለዚያ ዕዳው የኛ ነው።

ድስት 6፣ ክዳን 6 ብለን ለየብቻ መዘገብን። የሚጠፋው እኮ ክዳኑ ነው፤ ሽንኩርት ይቀመጥበትና ይረሳል። ድንኳኑንም «አንድ» ብለን አልጻፍንም፤ ሸራው፣ ብረቱ፣ ገመዱ፣ ካስማው ተለይቶ ተቆጠረ።

ማታ ደክሞን ስለነበር አልመለስንም። ጠዋት በብርሃን ስንቆጥር ወንበሩ 300 ሞላ። አንድ ክዳን ብቻ ጎደለ። እሱም እትዬ ጓዳ፣ የተረፈ ዳቦ ተከድኖበት ተገኘ።