የሦስት ሐኪሞች ኖት በአንድ የችግር ዝርዝር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለምሳሌ እንዲሆነን አንዲት የ68 ዓመት እናት እናስብ። ትንፋሽ አጥሯቸው፣ እግራቸው አብጦ ተኝተዋል። በገቡበት ቀን የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ጻፈ። በዚያው ማታ የልብ ስፔሻሊስቷ ጨመረች። በማግስቱ የኩላሊት ስፔሻሊስቱ አየ። በአራተኛው ቀን ሊወጡ ነው፤ ሦስቱን ኖት ወደ አንድ የችግር ዝርዝር የሚያጠቃልለው ሰው ካርዱን ከፍቶ ተቀምጧል።

የውስጥ ደዌው «ደረጃ 4 ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም» ይላል። የኩላሊት ስፔሻሊስቱ «ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት» ይላል። የልብ ስፔሻሊስቷ ስለ ኩላሊት ምንም አላለችም፤ «ኢናላፕሪል ይቀጥል» ብላ ወጥታለች። ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ስህተት 1፦ የተጻፈበትን ቀንና ቁጥር ሳያዩ አንዱን መምረጥ

ብዙ ሰው የመጨረሻውን ኖት ወይም የስፔሻሊስቱን ቃል ይወስዳል። ቀላል ነው፤ ግን ግማሹን እውነት ይጥላል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማን ልክ ነው?» ሳይሆን «ይህን ሲጽፍ ምን እያየ ነበር?» የሚለው ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ያየው የዚያን ቀን ክሬአቲኒን ብቻ ነው፤ 2.1። በእሳቸው ዕድሜ ይህ ሲሰላ የኩላሊት የማጣራት አቅም 25 አካባቢ ይመጣል። በሠንጠረዡ ላይ 25 ማለት ደረጃ 4 ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ችግሩ ስሌቱ የሚሠራው ክሬአቲኒን በተረጋጋበት ጊዜ መሆኑ ነው። ቁጥሩ እየወጣ ወይም እየወረደ ባለበት ቀን ደረጃ መስጠት አይቻልም።

የኩላሊት ስፔሻሊስቱ የቆዩ የላብ ውጤቶችን አገላበጠ። ከስምንት ወር በፊት 1.2፣ ከአራት ወር በፊትም 1.2። ከ1.2 ወደ 2.1 መውጣት አንድ ተኩል እጥፍ ያልፋል፤ ስለዚህ ድንገተኛ ጉዳት አለ። በአራተኛው ቀን ወደ 1.6 መውረዱም ይህንኑ ይደግፋል።

ታዲያ ሥር የሰደደው ሕመም ይሰረዝ? አይደለም። 1.2 ራሱ ሲሰላ 49 አካባቢ ነው። ከ60 በታች ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል፤ እዚህም ቆይቷል። ሁለቱም ሐኪሞች የጻፉት ችግር አለ፤ የተሳሳተው የደረጃው ቁጥር ብቻ ነው። በዝርዝሩ ላይ «ደረጃ 3ሀ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም፣ በላዩ ድንገተኛ ጉዳት» ተብሎ ይሰፍራል፤ ከጎኑም ቁጥሮቹ ከነቀናቸው። ደረጃ 4 ተብሎ ቢወጣ ቀጣዩ ሐኪም የመድኃኒት መጠን የሚቀንሰው በዚያ ልክ ነው።

ስህተት 2፦ አንዱን በሽታ መበታተን፣ ወይም ሁለቱን መዋጥ

ከሦስቱ ኖቶች እንዳለ ከተገለበጠ «ትንፋሽ ማጠር»፣ «የእግር እብጠት»፣ «በሳንባ ዙሪያ ውኃ» እና «የልብ ድካም» አራት መስመር ይሆናሉ። ኢኮው የልብ ድካምን ከደገፈና ሦስቱም በሽንት መድኃኒቱ አብረው ከቀነሱ አንድ ችግር ናቸው። በልብ ድካም ሥር ይግቡ።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ተቃራኒው ነው። ሄሞግሎቢናቸው 9.8 ነው። የኩላሊት ኖቱ «ከኩላሊት የመጣ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል» ይላል፤ ሌሎቹ ዝም ብለዋል። በኩላሊት ሥር መጠቅለል ያጓጓል። ነገር ግን 49 የማጣራት አቅም ያለው ኩላሊት ለብቻው ደምን ይህን ያህል ዝቅ ማድረጉ የተለመደ አይደለም። ደግሞ የውስጥ ደዌው ኖት መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለች፦ ለጉልበት ሕመም ለሳምንታት አይቡፕሮፌን ሲወስዱ ነበር። አይቡፕሮፌን ኩላሊትን ይጎዳል፤ ጨጓራንም ሊያደማ ይችላል። ሰገራቸው ጠቁሮ ያውቅ እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ የብረት ምርመራም አልተላከም። ስለዚህ የደም ማነሱ በራሱ መስመር ላይ ይቆያል፤ «ምክንያቱ ገና አልታወቀም» ተብሎ።

ስህተት 3፦ የጥያቄ ምልክቱን መጣል

የልብ ስፔሻሊስቷ በመጀመሪያው ማታ «የሳንባ ደም ስር በረጋ ደም መዘጋት?» ብላ ጽፋለች። ጥርጣሬው ዝቅተኛ ነበር፤ ዲ-ዳይመር ተላከ፣ ኖርማል መጣ። ኖቱ ላይ ግን ተመልሶ ያስተካከለው የለም። በመገልበጥ መሐል «?» ከወደቀች እኚህ እናት ዕድሜ ልካቸውን ያልነበረባቸውን በሽታ ይዘው ይዞራሉ። ዝም ብሎ መሰረዝም አይበቃም፤ ቀጣዩ ሐኪም እንደ አዲስ ይጠረጥራል። «ተጠርጥሮ ነበር፣ በሁለተኛው ቀን በዲ-ዳይመር ተወግዷል» ብሎ ከንቁ ችግሮች ውጭ ማስፈር ይሻላል።

ስህተት 4፦ የሐኪሞቹን ክርክር በራስ መፍረድ

የልብ ስፔሻሊስቷ «ኢናላፕሪል ይቀጥል» ብላለች፤ የኩላሊት ስፔሻሊስቱ «ኢናላፕሪል ይቁም» ብሏል። ይህ የቃላት ልዩነት አይደለም፤ የሕክምና ውሳኔ ነው። ዝርዝሩን የሚያጠናቅረው ሰው አንዱን መርጦ ሌላውን ማጥፋት የለበትም። ሁለቱንም ጽፎ መተውም ያው ነው፤ ፋርማሲው የቱን ይከተል?

ሰዓቱን ስናይ «ይቀጥል» የተባለው የማግስቱ ፖታሲየም 5.9 ከመምጣቱ በፊት ነው። ያም ሆኖ መደወል ያስፈልጋል። «ዶክተር፣ ፖታሲየሙ 5.9 ገብቷል፣ ኩላሊት ቁም ብሏል፤ በእርስዎ በኩል እንዴት ይሁን?» የሁለት ደቂቃ ስልክ ነው። ተስማማች፤ ለጊዜው ይቁም፣ ከሳምንት በኋላ ክሬአቲኒንና ፖታሲየም ታይቶ ይወሰን አለች። የምክክሩ ውጤት፣ ቀኑና የተስማሙት ሐኪሞች ይጻፋሉ። ምክንያቱም አብሮ ይጻፍ፦ «ለጊዜው የቆመ፣ አለርጂ አይደለም»። ይህቺ ሐረግ ከሌለች መድኃኒቱ «የማይስማማቸው» ተብሎ ለዘለቄታው ሊቀር ይችላል።

ስህተት 5፦ ታካሚዋን አለመጠየቅ

አንዱ ኖት «የፔኒሲሊን አለርጂ»፣ ሌላው «አለርጂ የለም» ይላል። ካርዱን ሲያገላብጡ መዋል መልስ አይሰጥም፤ መልሱ አልጋው ላይ ነው። «እማማ፣ ሲወስዱት ምን ሆኑ?» ሲባሉ ከብዙ ዓመት በፊት አቅለሽልሿቸው እንደነበር፣ አምና ግን አሞክሲሲሊን ወስደው ምንም እንዳልሆኑ ነገሩን። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ኃላፊው ሐኪም «አለርጂ» የሚለውን ያነሳል፤ የነገሩን ታሪክም በቦታው ይሰፍራል።

በመጨረሻ ዝርዝሩ ይህን ይመስላል፦

1. የልብ ድካም፤ ትንፋሹና እብጠቱ በሽንት መድኃኒት እየቀነሰ ነው።
2. ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት፣ በደረጃ 3ሀ ሥር የሰደደ ሕመም ላይ፤ ክሬአቲኒን 1.2፣ ከዚያ 2.1፣ አሁን 1.6። አይቡፕሮፌን ቆሟል።
3. የፖታሲየም መጨመር፣ 5.9፤ ኢናላፕሪል ለጊዜው ቆሟል፣ ከሳምንት በኋላ ይታያል።
4. የደም ማነስ፣ 9.8፤ ምክንያቱ አልታወቀም። የብረትና የሰገራ ምርመራ ይቀራል።

ከንቁ ችግሮች ውጭ፦ የሳንባ ደም ስር መዘጋት፣ ተወግዷል።

አራተኛው መስመር ላይ የሚከታተለው ሐኪም ስም ገና ባዶ ነው። እሱ ሳይሞላ ዝርዝሩ አይፈረምበትም።