ልጅ ሲያስቀምጠው ወተቱን መከልከልና ሌሎች ስህተቶች

ወተት የተባለን ሁሉ ማቆም

ልጅ ሲያስቀምጠው ብዙ ቤት ውስጥ በመጀመሪያ የሚወነጀለው ወተት ነው። የጡት ወተት ግን በምንም ዓይነት ተቅማጥ አይቆምም፤ እንዲያውም ከወትሮው ቶሎ ቶሎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር ይጥባ። የቆርቆሮ ወተት የሚጠጣ ሕፃንም ይቀጥላል። ዓመት ያለፈውና የላም ወተት የለመደ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ይጠጣዋል። የተጎዳው የአንጀት ሽፋን የሚያገግመው ምግብ ሲያገኝ ነው። የተከለከለ ልጅ ተቅማጡ ቢቆምለትም ክብደቱ ይቀንሳል፣ ቀጣዩ ተቅማጥም ተዳክሞ ያገኘዋል።

«ቀጠን ይበልለት» ብሎ ውሃ መጨመር

ውሃ የተጨመረበት ወተት ሆድ ይሞላል እንጂ አይመግብም። የዱቄት ወተት በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ይበጥበጥ፤ ማቅጠንም ማወፈርም ስህተት ነው። የጎደለውን ፈሳሽ የሚተካው ኦአርኤስ ነው። አንዱ ከረጢት ስንት ውሃ እንደሚፈልግ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ሊትር ነው። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል። አሬራም ሆነ አጓት የኦአርኤስን ቦታ አይተኩም፤ የጨውና የስኳር መጠናቸው ለዚህ የተመጠነ አይደለም።

ወተቱ ሲያስቸግር ምልክቱን አለማየት

የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ንጥረ ነገር የሚመረተው በአንጀት ሽፋን ጫፍ ላይ ነው። ተቅማጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚያራግፈው ያንኑ ጫፍ ነው። ሳይፈጭ የቀረው ስኳር ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፣ እዚያም ይብላላል። ስለዚህ ወተት በጠጣ ቁጥር ወዲያው ውሃ የመሰለ፣ አረፋ ያለውና ኮምጠጥ የሚል ሰገራ ካስከተለው፣ ሆዱ ከተነፋና መቀመጫው ከቀላ ችግሩ ከላክቶስ ነው ማለት ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል።

ጡት የተወ፣ 10 ኪሎ የሚመዝን የዓመት ተኩል ልጅ እንውሰድ። በቀን ሦስት ጊዜ 200 ሚሊ ሊትር የላም ወተት ይጠጣል፤ በጠጣ ቁጥርም ከላይ ያሉት ምልክቶች ይታያሉ። ጠዋትና ማታ የሚጠጣው ወተት በእርጎ ይተካ። እኩለ ቀን ላይ የሚጠጣው 200 ሚሊ ሊትር ብቻውን አይጠጣ፣ ከገንፎ ጋር ይብሰልለት፤ ከእህል ጋር ሲሆን ቀስ ብሎ ስለሚወርድ አንጀቱን አያጨናንቅም። እርጎ የሚስማማው ባክቴሪያዎቹ የላክቶሱን ከፊል አስቀድመው ስለሚበሉና ሆድ ከገባም በኋላ በመፍጨቱ ስለሚያግዙ ነው። ሰገራው ሲጠነክር ወተቱ በአንድ ስኒ ተጀምሮ በየቀኑ ጭማሪ እየተደረገ ይመለሳል።

እርጎ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአገራችን እርጎ በተለምዶ የሚሠራው ያልተፈላ ወተት በቅል ወይም በሸክላ ዕቃ ተቀምጦ በራሱ ጊዜ ሲረጋ ነው። መኮምጠጡ አንዳንድ ጀርሞችን ቢያዳክምም ሁሉንም አይገድልም፤ ዕቃው በወይራ መታጠኑም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። ለታመመ ልጅ ይህ እርጎ አይሆንም።

ወተቱን ገንፍሎ እስኪፈላ ያፍሉት። ጣት ሲነከርበት ሞቅ ብሎ የማያቃጥል እስኪሆን ያቀዝቅዙት። የተፈላ ወተት የራሱ ባክቴሪያ ስለሞተ እርሾ ካልተጨመረበት በደንብ አይረጋም፤ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚበላሸው ለዚህ ነው። ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር የሌለው የፋብሪካ እርጎ ያማስሉበት። ካልተፈላ ወተት የተሠራ እርጎን ለእርሾ መጠቀም ግን በማፍላት የጠፋውን ጀርም መመለስ ነው። በፈላ ውሃ በታጠበ ክዳን ባለው ዕቃ አድርገው፣ በፎጣ ጠቅልለው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያቆዩት፤ ሲረጋ ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጅ ከሌለ በዚያው ቀን የሚያልቅ ትንሽ ብቻ ይሥሩ።

የሚጣፍጠውን መስጠት

ልጁ ምግብ እምቢ ሲል ጣፋጭ የፍራፍሬ እርጎ፣ አይስክሬም፣ የቸኮሌት ወተት ወይም የጣሳ ጣፋጭ ወተት ይሰጠዋል። የተጨመረው ስኳር ውሃ ወደ አንጀት እየሳበ ተቅማጡን ያባብሳል። ያልተፈላ ወተት፣ ከገበያ የተገዛ አይብና ያልነጠረ ቅቤ ደግሞ በጀርም ምክንያት ይቅሩ። አይብ ሲሠራ የሚያገኘው ለብታ ጀርም ለመግደል አይበቃም።

በእርጎ ተማምኖ መዘግየት

ሰገራው ደም ካለው፣ ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የሚወስደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ልጁ ከፈዘዘ በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም ይወሰድ። ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላውም ወተት በመቀያየር ቤት አይቆይ። ዚንክም ይጠይቁለት፦ ከስድስት ወር በታች ላለ በቀን 10፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ይሰጠው። ካገገመ በኋላም ለሁለት ሳምንት ከወትሮው አንድ ማዕድ ይጨመርለት፤ ያ ማዕድ በእርጎ የላላ ገንፎ ቢሆን ይመረጣል።